385 ከየት መጣ? አንድን ምጣኔ ለመገመት ስንት ሰው ይጠየቅ?

የመመረቂያ ጽሑፎችንና የዳሰሳ ጥናት ሪፖርቶችን የሚያገላብጥ ሰው አንድ ቁጥር ደጋግሞ ያጋጥመዋል፤ 384 ወይም 385። ጥናቱ ስለ ጤና ይሁን ስለ ትምህርት፣ የሚጠናው ሕዝብ አርባ ሺህ ይሁን አራት ሚሊዮን፣ የናሙናው መጠን በሚገለጽበት ገጽ ላይ ይህ ቁጥር ተቀምጧል። ብዙ ጊዜ ከሥሩ አንድ ቀመር ይከተላል፤ ቀመሩ ለምን እንደተመረጠ ግን እምብዛም አይነገርም። ቁጥሩ የተሳሳተ አይደለም። ችግሩ የአንድ የተወሰነ ጥያቄ መልስ ሆኖ ሳለ ለሁሉም ጥያቄ መልስ መደረጉ ነው።

አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። 40,000 ቤተሰቦች የሚኖሩበት ከተማ አለ እንበል። ማወቅ የምንፈልገው ከእነዚህ ቤተሰቦች ምን ያህሉ የመጠጥ ውሃቸውን አፍልተው ወይም በክሎሪን አክመው እንደሚጠጡ ነው። የእያንዳንዱ ቤት መልስ «እናክማለን» ወይም «አናክምም» ስለሆነ የምንፈልገው አንድ መቶኛ ብቻ ነው፤ ምጣኔ የሚባለውም ይኸው ነው። የሁሉንም በር ማንኳኳት ስለማይቻል የተወሰኑትን በዕጣ መርጠን እንጠይቃለን። እንግዲህ ስንት ቤት ይበቃል?

ልምድ ያለው የስታቲስቲክስ ባለሙያ ይህን ጥያቄ ወዲያው አይመልስም። መጀመሪያ ሁለት ነገሮችን መልሶ ይጠይቃል። አንደኛው፣ የምታገኙት መቶኛ ከእውነተኛው ምን ያህል ቢርቅ ትታገሣላችሁ? ይህ የስህተት ወሰን ነው። ሁለተኛው፣ ርቀቱ ከዚያ ወሰን እንዳያልፍ ምን ያህል እርግጠኛ መሆን ትፈልጋላችሁ? ይህ ደግሞ የመተማመኛ ደረጃ ይባላል። ሁለቱንም የሚወስነው ውጤቱን የሚጠቀምበት ሰው እንጂ ቀመሩ አይደለም። ከተማው የክሎሪን እንክብል ለመግዛት ሲያቅድ 30 በመቶና 35 በመቶ መካከል ያለው ልዩነት በጀቱን ካላናጋው፣ የአምስት ነጥብ ስህተት ይበቃዋል። ያለፈው ዓመት ዘመቻ ሦስት ነጥብ ለውጥ አምጥቶ እንደሆነ መለየት ከፈለገ ግን የአምስት ነጥብ ስህተት ያለው ጥናት ምንም አይነግረውም።

«ነጥብ» ያልኩት ሆን ብዬ ነው። የስህተት ወሰን የሚለካው በመቶኛ ነጥብ ነው። ጥናቱ 40 በመቶ ቢያገኝና ወሰኑ አምስት ነጥብ ቢሆን፣ ክልሉ ከ35 እስከ 45 ይሆናል። የ40 አምስት በመቶ ሁለት ነውና ከ38 እስከ 42 ነው ብሎ የሚያነብ ሰው ግን ያልተገዛ ጥራት ለጥናቱ እየሰጠው ነው።

ቀመሩ የሚለው

ከዚያው ከተማ 100 ቤቶችን በዕጣ አውጥተን ብንጠይቅ 34ቱ ያክማሉ እንበል። ዕጣውን እንደገና ብናወጣ ሌሎች 100 ቤቶች ይመጣሉ፤ ምናልባት 29ኙ ያክማሉ። ሦስተኛው ዕጣ 37 ይሰጠን ይሆናል። ከተማው አልተለወጠም፤ የተለወጠው ዕጣው ነው። ይህን እጅግ ብዙ ጊዜ ብንደጋግመው የምናገኛቸው መቶኛዎች በእውነተኛው መቶኛ ዙሪያ ይሰበሰባሉ፤ አብዛኞቹ ወደ መሃል ይጠጋሉ፣ ጥቂቶቹ ይርቃሉ። የመበታተኑን ስፋት የሚለካው መደበኛ ስህተት የሚባለው ነው። የሚያስደስተው ነገር ይህን ስፋት ለማወቅ ዕጣውን በእርግጥ መደጋገም አያስፈልግም፤ በሂሳብ ይታወቃል።

```
መደበኛ ስህተት = √( p × (1 − p) / n )
```

እዚህ ላይ p እውነተኛው ምጣኔ ነው፤ n ደግሞ የተጠየቁት ብዛት። መቶኛዎቹ በመሃሉ ዙሪያ የሚከማቹት የደወል ቅርጽ ባለው ሥርጭት ስለሆነ፣ ከ100 ዕጣዎች 95 ያህሉ ከእውነቱ የሚርቁት ቢበዛ በ1.96 መደበኛ ስህተት ነው። በ99 በመቶ ለመተማመን 1.96ን በ2.576 መተካት ያስፈልጋል፤ በ90 በመቶ ለሚረካ 1.645 ይበቃል። ይህን አባዢ z እንበለው፤ የምንታገሠውን የስህተት ወሰን ደግሞ e። ወሰኑ z ጊዜ መደበኛ ስህተት እንዲሆን ፈልገን n ወደ አንድ ወገን ብናወጣው ታዋቂው ቀመር ይገኛል፦

```
n = z² × p × (1 − p) / e²
```

በ95 በመቶ የመተማመኛ ደረጃና በአምስት ነጥብ የስህተት ወሰን እንሥራው። 1.96 በራሱ ሲባዛ 3.8416 ነው። p 0.5 ይሁን፤ ለምን እንደሆነ ቀጥሎ ይመጣል። 0.5 በ0.5 ሲባዛ 0.25 ይሰጣል። 3.8416 በ0.25 ሲባዛ 0.9604 ይሆናል። e 0.05 ስለሆነ በራሱ ሲባዛ 0.0025 ነው። 0.9604 ለ0.0025 ሲካፈል 384.16 ይመጣል። ወሰኑን ላለማለፍ ሁልጊዜ ወደ ላይ ይጠጋጋልና 385። በ384 እና በ385 መካከል የሚካሄደው ሙግት፣ አንዳንድ የመመረቂያ ጽሑፍ ገምጋሚዎች እንደሚያከብዱት፣ ምንም ክብደት የለውም። አንድ ቤት ወሰኑን የሚለውጠው በነጥብ መቶኛ ክፍል እንኳ በማይሞላ መጠን ነው።

ከባዱ የቀመሩ ባሕርይ e በራሱ ተባዝቶ ከታች መቀመጡ ነው። የስህተት ወሰኑን በግማሽ መቀነስ የፈለገ ሰው ሥራውን በአራት እጥፍ ያሳድጋል። አሥር ነጥብ ለሚበቃው 97 ቤት ይበቃዋል። አምስት ለሚፈልግ 385፣ ሦስት ለሚፈልግ 1,068፣ ሁለት ለሚፈልግ 2,401፣ አንድ ነጥብ ለሚፈልግ 9,604። ብዙ አገር አቀፍ የሕዝብ አስተያየት ጥናቶች 1,000 ያህል ሰው ጠይቀው ሦስት ነጥብ ገደማ የስህተት ወሰን የሚያሳውቁት ከዚህ የተነሣ ነው። ከዚያ ወዲያ የሚጨመር ገንዘብ የሚገዛው ጥራት እየሳሳ ይሄዳል።

ገና የማይታወቀውን ማስገባት

ቀመሩ አንድ አስገራሚ ነገር ይጠይቃል፤ ልናጠናው የተነሣነውን p አስቀድመን እንድንሰጠው። የምናውቀው ቢሆን ኖሮ ጥናት ባላስፈለገን።

መውጫው p በ1 − p ሲባዛ የሚያገኘው ትልቁ ዋጋ ላይ ነው። p 0.5 ሲሆን ብዜቱ 0.25 ነው። p 0.3 ቢሆን 0.21፣ 0.1 ቢሆን 0.09 ይሆናል። ከግማሽ በላይም ሲሄድ በዚያው ልክ ይወርዳል። ከ0.25 የሚበልጥበት ቦታ የለም። ስለዚህ 0.5 የሚያስገባ ሰው ለከፋው ሁኔታ ተዘጋጅቷል፤ እውነተኛው ምጣኔ ምንም ይሁን ምን ወሰኑ ከአምስት ነጥብ አያልፍም። ሕዝቡ ለሁለት እኩል ሲከፈል ዕጣ የሚያመጣው መዋዠቅ ይበዛል፤ ሁሉም ማለት ይቻላል አንድ ዓይነት ሲሆን ግን ማንን ብንመርጥ መልሱ ስለሚመሳሰል መዋዠቁ ያንሳል።

ከቀደመ ጥናት ወይም ከትንሽ የሙከራ ዳሰሳ ምጣኔው 30 በመቶ አካባቢ መሆኑ ቢታወቅ 323 ቤት ይበቃ ነበር። ቁጠባው 62 ቤት ነው፤ ትንሽ አይደለም። እኔ ግን ምጣኔው ከ30 እስከ 70 በመቶ ባለው መሃል ሊውል የሚችል ከመሰለኝ 0.5ን አልለቅም። የቀደመው ግምት ቢሳሳት የሚከፈለው ዋጋ በቁጠባው አይካካስም።

የመስክ ሥራው አልቆ ከ385 ቤቶች 31 በመቶው እንደሚያክሙ ተገኘ እንበል። አሁን የሚዘገበው ወሰን የታቀደው አምስት አይደለም። በተገኘው 0.31 መደበኛ ስህተቱ እንደገና ሲሰላ 0.0236 ገደማ ነው፤ በ1.96 ሲባዛ 4.6 ነጥብ ይሆናል። ሪፖርቱ «31 በመቶ፣ ከ26.4 እስከ 35.6» ብሎ ይጽፋል። ይህም ማለት እውነቱ በዚህ ክልል የመሆን ዕድሉ 95 በመቶ ነው ማለት ሳይሆን፣ በዚሁ መንገድ ከሚሠሩ 100 ጥናቶች 95 ያህሉ እውነቱን የሚይዝ ክልል ይሰጣሉ ማለት ነው። የእኛ ከ95ቱ ይሁን ከአምስቱ ማወቂያ የለንም።

የከተማው ትልቅነት ለምን አልተጠየቀም?

እስካሁን በሠራነው ሂሳብ ውስጥ 40,000 የሚለው ቁጥር አንድም ቦታ አልገባም። ብዙ ሰው ማመን የሚያቅተው ይህን ነው። «ከ40,000 ውስጥ 385 አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም፤ እንዴት ይወክላል?» ይላል። አንዳንዶች ከሕዝቡ አሥር በመቶ መውሰድ ደንብ ነው ብለው ያስተምራሉ። እንዲህ ያለ ደንብ ግን የለም። የግምቱን መዋዠቅ የሚወስነው ስንት ቤት እንደተጠየቀ እንጂ ስንት ቤት ሳይጠየቅ እንደቀረ አይደለም። አንድ ሐኪም የደም ማነስን ለመመርመር ከረጅሙም ከአጭሩም ሰው የሚወስደው ደም እኩል ነው፤ ደሙ በሰውነት ውስጥ የተቀላቀለ እስከሆነ ድረስ የሰውነቱ ግዝፈት ልዩነት አያመጣም። የዕጣ ሥራም ያንን መቀላቀል መፍጠር ነው።

የሕዝቡ ብዛት የሚታሰበው ናሙናው የሕዝቡን ጉልህ ክፍል መብላት ሲጀምር ነው። ያኔ እያንዳንዱ የተጠየቀ ቤት ከቀሪው ጥርጣሬ ላይ የሚታይ ድርሻ ይቀንሳል። ማስተካከያው እንዲህ ነው፤ N የሕዝቡ ብዛት ሲሆን፦

```
n (የተስተካከለው) = n / ( 1 + (n − 1) / N )
```

ለ40,000 ቤተሰቦች 384.16ን ብናስተካክል 381 ይመጣል። አራት ቤት ቆጠብን ማለት ነው፤ ለማስላት የጠፋውን ጊዜ እንኳ አያወጣም። ከተማው አራት ሚሊዮን ቤተሰቦች ቢኖሩት ቁጥሩ ያው 385 ነው። 600 ቤተሰቦች ብቻ ባሉበት መንደር ግን 235 ይሆናል፤ ይህ ትልቅ ቅናሽ ነው። ናሙናው ከሕዝቡ አምስት በመቶ በታች ሲሆን ማስተካከያውን መርሳት ይቻላል፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ማስላቱ ይጠቅማል።

እዚህ ጋ ተማሪዎች አብዝተው የሚጠቀሙበትን ሌላ ቀመር ማንሳት ግድ ነው። የያማኔ ቀመር በመባል የሚታወቅ ሲሆን ቅርጹ ቀላል ነው።

```
n = N / ( 1 + N × e² )
```

ይህ ራሱን የቻለ ሌላ ዘዴ ይመስላል እንጂ ከላይ ያለው ነው። z በ2 ተጠጋግቶ፣ p በ0.5 ተተክቶ፣ የሕዝብ ብዛት ማስተካከያው ውስጥ ተውጦ የተጻፈ ነው። 1.96 ወደ 2 ስለተጠጋጋ ለ40,000 ቤተሰቦች ከ381 ይልቅ 397 ይሰጣል። ይህ ልዩነት አያሳስብም። የሚያሳስበው የመተማመኛ ደረጃው ከቀመሩ ፊት መሰወሩ ነው። z ስለማይታይ ብዙ ሰው e የመተማመኛ ደረጃው ተቃራኒ ይመስለዋል፤ «95 በመቶ እተማመናለሁ፤ ስለዚህ e 0.05 ነው» ብሎ ይጽፋል። 95 እና 5 ተደምረው 100 መሆናቸው ይህን ስህተት አሳምሮ ይደብቀዋል።

ስህተቱ የሚጋለጠው ደረጃውን ወደ 99 በመቶ ማሳደግ ሲፈለግ ነው። እንዲህ የሚያስብ ሰው e 0.01 ብሎ ያስገባና ለ40,000 ቤተሰቦች 8,000 ይወጣለታል። በእርግጥ የፈለገው አምስት ነጥብ ወሰን ከ99 በመቶ መተማመን ጋር ከሆነ ግን የሚያስፈልገው ማስተካከያው ተጨምሮበት 653 ቤት ብቻ ነው። በ8,000 እና በ653 መካከል ያለው ገንዘብ አንድ ፊደል ሁለት ነገር ተደርጎ በመነበቡ የባከነ ነው። ወሰኑና የመተማመኛ ደረጃው ለየብቻ የሚመረጡ ውሳኔዎች ናቸው፤ 95 በመቶ ከሦስት ነጥብ ጋር፣ 90 በመቶ ከሰባት ነጥብ ጋር መሄድ ይችላል።

ብርቅ ነገር ሲጠና

385 በጣም የሚያሳፍረው ምጣኔው ትንሽ ሲሆን ነው። በዚያው ከተማ ውስጥ ሁለት በመቶ ገደማ ቤተሰቦችን ብቻ የሚነካ አንድ ሁኔታ ይጠና እንበል። p 0.02፣ e 0.05 አድርጎ ቀመሩን ለሚያሠራ ሰው 31 የሚል መልስ ይወጣል። 31 ቤት ተጠይቆ ከመካከላቸው ሁኔታው ያለበት አንድ እንኳ ቤት መገኘቱ ያጠራጥራል። ሁለት በመቶ ሲደመር ሲቀነስ አምስት ደግሞ ከዜሮ በታች ይገባል፤ ከዜሮ በታች የሆነ ምጣኔ የለም። ቀመሩ የተመሠረተበት የደወል ቅርጽ ከዜሮና ከመቶ አጠገብ ይጣመማል፤ በናሙናው ውስጥ ይገኛሉ ተብለው የሚጠበቁት «አዎ»ዎችም ሆኑ «የለም»ዎች ቢያንስ አሥር ካልሞሉ ቀመሩን ማመን አይገባም።

«እንግዲያው 0.5 አስገብቼ 385 ልጠይቅ» ማለትም አያድንም። በሁለት በመቶ ምጣኔ 385 ቤት የሚሰጠው ወሰን 1.4 ነጥብ ነው። በቁጥር ሲታይ ከአምስት የተሻለ ይመስላል። ክልሉ ግን ከ0.6 እስከ 3.4 በመቶ ነው፤ የላይኛው ጫፍ ከታችኛው አምስት እጥፍ በላይ ይበልጣል። ለ240 ቤተሰቦች ወይስ ለ1,360 ቤተሰቦች እርዳታ እንደሚዘጋጅ የማይለይ ጥናት ለማን ይጠቅማል? ወሰኑ ከምጣኔው ጋር ተመዛዝኖ መመረጥ አለበት። የምጣኔውን ሩብ፣ ማለትም ግማሽ ነጥብ፣ እንታገሥ ብንል የሚያስፈልገው 3,012 ቤት ነው። ገንዘቡ ከሌለ ይህን አምኖ ሌላ የጥናት መንገድ መፈለግ ይሻላል።

ብርቅ ነገር ሲፈለግ ከናሙናው አንድም ሳይገኝ ሊቀር ይችላል። ያኔ ምጣኔው ዜሮ ነው ማለት አይቻልም። የሦስት ደንብ የሚባል ቀላል ዘዴ አለ። ከn ሰዎች አንድም ካልተገኘ በ95 በመቶ መተማመን የእውነተኛው ምጣኔ ጣሪያ 3 ለn ነው። 385 ቤት ተጠይቆ ምንም ካልተገኘ ጣሪያው 0.8 በመቶ ያህል ይሆናል፤ ከ40,000 ቤተሰቦች ውስጥ አሁንም 310 ያህል ሊኖሩ ይችላሉ ማለት ነው።

ጎረቤት ጎረቤቱን ሲመስል

እስካሁን ያለው ሁሉ የቆመው እያንዳንዱ ቤት ለብቻው ከከተማው ዝርዝር በዕጣ ወጥቷል በሚል ግምት ላይ ነው። በመስክ ላይ ግን ይህ ከስንት አንዴ ነው የሚሆነው። መጠይቅ የያዘ ሰው በ385 የተለያዩ ሰፈሮች ሲዞር መዋል ስለማይችል በመጀመሪያ ሰፈሮች በዕጣ ይመረጣሉ፤ ቀጥሎ በእያንዳንዱ ሰፈር ውስጥ የተወሰኑ ቤቶች ይጠየቃሉ። ይህ የክላስተር ናሙና ነው። ወጪ ይቀንሳል፤ በምትኩ መረጃ ይበላል።

ለምን እንደሚበላ በእኛው ምሳሌ ግልጽ ነው። የአንድ ሰፈር ሰዎች ውሃ የሚቀዱት ከአንድ ምንጭ ነው። ውሃው ከደፈረሰ ሁሉም ያክማሉ፤ ጥሩ ከመሰላቸው ሁሉም ይተዋሉ። የመጀመሪያዎቹ አምስት ቤቶች ከመለሱ በኋላ የስድስተኛው መልስ በከፊል የታወቀ ነው። ሃያ ቤት ጠይቀን የሃያ ቤት ዕውቀት አላገኘንም። የመመሳሰሉን ልክ የሚገልጽ ቁጥር አለ፤ ዜሮ ከሆነ ጎረቤት ከሩቅ ሰው የበለጠ አይመስልም፣ አንድ ከሆነ የሰፈሩ ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት መልስ ይሰጣል። ይህን ቁጥር r፣ በአንድ ሰፈር የሚጠየቁትን ቤቶች m ካልን፣ ናሙናው ማደግ ያለበት በዚህ እጥፍ ነው፤ ባለሙያዎች ዲዛይን ኢፌክት ይሉታል።

```
ዲዛይን ኢፌክት = 1 + (m − 1) × r
```

r 0.1 ነው እንበል፤ ውሃና ንጽሕናን በመሳሰሉ የሰፈር ነገሮች ላይ ከዚህ የበለጠም ሊሆን ይችላል። በአንድ ሰፈር 20 ቤት ከጠየቅን ዲዛይን ኢፌክቱ 2.9 ነው። 384.16 በ2.9 ሲባዛ 1,115 ቤት ይመጣል፤ 56 ሰፈር ማለት ነው። በአንድ ሰፈር 10 ቤት ብቻ ብንጠይቅ ግን ዲዛይን ኢፌክቱ ወደ 1.9 ይወርዳል፤ 730 ቤት በ73 ሰፈሮች ይበቃል። የሰፈሮቹ ቁጥር ጨምሮ የቤቶቹ ቁጥር በ385 ቀነሰ። ከአንድ ሰፈር ብዙ ቤት ከመጠየቅ በብዙ ሰፈር ጥቂት ጥቂት መጠየቅ የሚመረጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህን ሳያስብ 385 ቤት በሃያ ሃያ የሰበሰበ ሰው «ወሰኔ አምስት ነጥብ ነው» ሲል ሳያውቅ እየዋሸ ነው። እውነተኛው ወሰኑ 5 በ2.9 ስኩዌር ሩት ተባዝቶ 8.5 ነጥብ ገደማ ነው። የ133 ቤቶች ያህል መረጃ ብቻ ነው ያለው። አንድን ሪፖርት ሲያነቡ ይህን ለመያዝ ቀላሉ መንገድ የአመራረጡን ክፍል መመልከት ነው፤ «ቀበሌ» ወይም «ትምህርት ቤት» ወይም «ጤና ጣቢያ» ተመርጦ ከውስጡ ሰዎች ከተጠየቁና የናሙናው መጠን ያው 385 ከሆነ፣ የተጻፈው ወሰን ከእውነተኛው ጠባብ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለክትባት ሽፋን ያስፋፋው የ30 በ7 ዳሰሳ ይህን ከመነሻው ያሰበ ነበር። በአሥር ነጥብ ወሰን የሚወጣው 96.04 ወደ 96 ሕፃናት ተጠጋግቶ፣ ዲዛይን ኢፌክት 2 ተገምቶ 192፤ ያም ወደ 30 ክላስተሮች ሲከፈል በእያንዳንዱ ሰባት፣ በድምሩ 210።

በር የማይከፍቱት

ከ730ዎቹ ቤቶች የተወሰኑት ተዘግተው ይገኛሉ፤ የተወሰኑት አንመልስም ይላሉ። 85 በመቶ ይመልሳሉ ብለን ከጠበቅን 730ን ለ0.85 እናካፍላለን፤ 859 ቤት በዕጣ ይወጣል። እዚህ ላይ ደጋግሞ የሚታየው ስህተት 15 በመቶ መጨመር ነው። 730 ላይ 15 በመቶ ሲጨመር 840 ይሆናል፤ ከእሱ 85 በመቶው ሲመልስ የሚገኘው 714 ነው። የጎደለው 16 ቤት ብዙ ባይሆንም፣ የማይመልሱት ሲበዙ ክፍተቱ ይሰፋል።

መጨመሩ የሚሞላው ቁጥሩን ብቻ ነው። ያልተገኙት ቤቶች ከተገኙት በጠባይ ቢለዩ ምንም ያህል ቢጨመር ስህተቱ አይጠፋም። ቀን ቀን የሚዘጉ ቤቶች ነዋሪዎቻቸው ሥራ የሚውሉና ውሃ የማከም ልማዳቸው የተለየ ሊሆን ይችላል። ከተገኙት 85 በመቶ መካከል የሚያክሙት 31 በመቶ፣ ካልተገኙት 15 በመቶ መካከል ግን 55 በመቶ ቢሆኑ የከተማው እውነት 34.6 ነው። ጥናቱ 3.6 ነጥብ ወደ ታች ስቷል፤ ናሙናው አሥር እጥፍ ቢያድግ የሚሆነው ያው ስህተት በጠባብ ወሰን ተከብቦ መቅረብ ብቻ ነው። የስህተት ወሰን የሚናገረው ስለ ዕጣ መዋዠቅ ብቻ ነው፤ ስለ ተዘጋ በርና ስለ አሳሳች ጥያቄ አያውቅም።

በ1936 የአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ዋዜማ «ሊተራሪ ዳይጀስት» የተባለው መጽሔት አሥር ሚሊዮን ያህል መጠይቅ በፖስታ ልኮ ከሁለት ሚሊዮን በላይ መልስ ሰበሰበ። የሪፐብሊካን ፓርቲ ዕጩ የነበረው ላንደን በ57 በመቶ ያሸንፋል አለ። ተፎካካሪው፣ በሥልጣን ላይ የነበረው ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት፣ 61 በመቶ ገደማ ድምፅ አግኝቶ አሸነፈ። ከሁለት ሚሊዮን መልስ በቀመሩ የሚወጣው ወሰን ከአንድ ነጥብ አሥረኛ ያንሳል። አድራሻዎቹ የተወሰዱት ከስልክ ማውጫና ከመኪና ባለቤቶች ዝርዝር ከመሳሰሉት ነበር፤ ለመመለስ የተነሣሡትም ከሌላው የተለዩ ነበሩ። ስለዚህ ተጨማሪ ገንዘብ ሲገኝ ብዙ ጊዜ የሚሻለው አዲስ ቤት መጨመር ሳይሆን፣ ተዘግተው የተገኙትን በማታና በእረፍት ቀን ተመልሶ ማንኳኳት ነው።

ከበጀት ወደ ወሰን

በተግባር ስሌቱ የሚጀምረው ከሌላው ጫፍ ነው። ከተማው «ገንዘባችን የሚበቃው ለ500 ቤት ነው» ይላል። ያኔ ቀመሩን አዙሮ ወሰኑን ማስላት ይገባል። በአንድ ሰፈር 10 ቤት፣ ዲዛይን ኢፌክት 1.9፣ መላሾች 500 ከሆኑ፦

```
e = 1.96 × √( 0.25 × 1.9 / 500 ) = 0.060
```

ስድስት ነጥብ። ለመላው ከተማ ይህ ሊበቃ ይችላል። ውጤቱ ለአራት ክፍለ ከተሞች ለየብቻ ይነገረን ከተባለ ግን ለእያንዳንዱ 125 ቤት ይደርሳል፤ ወሰኑም በየክፍለ ከተማው ወደ 12 ነጥብ ይሰፋል። አንዱ ክፍለ ከተማ 28፣ ሌላው 40 በመቶ ቢያመጣ ልዩነቱ የዕጣ ሥራ ሊሆን ይችላል፤ በሁለት ግምቶች መካከል ያለው ልዩነት የራሱ ወሰን አለውና፣ እዚህ 17 ነጥብ ያህል ነው። ይህን ለከተማው ሰዎች መንገር የሚገባው መጠይቁ ከመታተሙ በፊት ነው፤ ያኔ የክፍለ ከተሞቹን ሠንጠረዥ መተው ወይም በጀቱን መጨመር የእነርሱ ምርጫ ይሆናል።